ሪፖርቱ 9.8 በመቶ ይላል፣ የእርስዎ ገንዘብ ያገኘው ግን 8 ነው

“የምኖረው አሜሪካ ነው። ከ5 ዓመት በፊት በአንድ የፋይናንስ አማካሪ በኩል 10,000 ዶላር አስገብቼ የኢንቨስትመንት አካውንት ከፈትኩ። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መጨረሻ 300 ዶላር ሳላቋርጥ ጨምሬያለሁ። አንድም ቀን አላወጣሁም። አሁን አማካሪው የላከልኝ ሪፖርት፦ ያስገባሁት 28,000፣ የትርፍ ድርሻ 2,140፣ የአማካሪ ክፍያ 1,118፣ የአሁኑ ዋጋ 36,577 ዶላር ይላል። ዓመታዊ ትርፉን ደግሞ 9.8 በመቶ ይለዋል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ‘ከክፍያ በፊት’ የሚል አለ። እኔ ሳሰላው የሚመጣልኝ 6.1 በመቶ ነው። የእህቴ ልጅ ደግሞ ‘28,000 በ9.8 በመቶ ለ5 ዓመት ቢወልድ 44,686 ይሆን ነበር፣ 8,000 ዶላር ጎድሎብሻል’ ይለኛል። የትርፍ ድርሻውስ የት ገባ? ተታልያለሁ ወይ?”

በሰጡኝ ቁጥሮች ውስጥ የጎደለ ገንዘብ አይታየኝም። የእህትዎ ልጅ ስሌት ስህተት ነው። የእርስዎም ስህተት ነው። ሪፖርቱ ላይ ያለው 9.8 ደግሞ ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ግን የእርስዎን ገንዘብ የሚመለከት ቁጥር አይደለም። የእርስዎ ገንዘብ በዓመት ያገኘው 8 በመቶ ነው። ከየት እንዳመጣሁት በደንብ ላሳይዎት። አንዴ ከገባዎት ቀጣዩን ሪፖርት ማንም ሳይረዳዎት በራስዎ ማጣራት ይችላሉ።

ከእህትዎ ልጅ ልጀምር። እሱ 28,000ውን በሙሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አካውንቱ ውስጥ እንደነበረ ቆጥሮታል። አልነበረም። በመጀመሪያው ቀን የነበረው 10,000 ብቻ ነው። ቀሪው 18,000 በ300 በ300 እየተንጠባጠበ ነው የገባው። በመጀመሪያው ወር መጨረሻ የገባችው 300 ዶላር አምስት ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ሲቀራት ሠርታለች። ባለፈው ወር የገባችው ግን ገና ምንም አልሠራችም። ወለድ ወለድን የሚወልደው ገንዘቡ በቤቱ በቆየበት ጊዜ ልክ ነው። ያልመጣ ገንዘብ ሊወልድ አይችልም። ስለዚህ 44,686 የሚባለው ቁጥር እርስዎ ያላደረጉትን ነገር የሚለካ ነው፤ 28,000 ዶላር በአንድ ጊዜ ቢያስገቡ ኖሮ የሚደርሱበትን።

ትክክለኛው ጥያቄ እንዲህ ነው። 10,000 መጀመሪያ፣ ከዚያ በየወሩ መጨረሻ 300፣ በ9.8 በመቶ ለ60 ወር ቢያድግ ስንት ይሆናል? ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ከፍተው ይህን ይጻፉ፦

```
=FV(1.098^(1/12)-1, 60, -300, -10000)
```

መልሱ ወደ 38,817 ዶላር ነው። እርስዎ ያለዎት 36,577 ነው። ልዩነቱ 2,240 ዶላር ገደማ ነው እንጂ 8,000 አይደለም። እነዚህ 2,240 ዶላሮች የት እንደገቡ በኋላ አመጣዋለሁ፤ የጽሑፌ ዋና ጉዳይም እሱ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ስሌት። ትርፉን 8,577 ብለው ለ28,000 አካፍለዋል። 30.6 በመቶ መጣ። ያንን ለ5 ሲያካፍሉ 6.1 ሆነ። እዚህ ውስጥ ሁለት ስህተቶች አሉ፤ አንዱ ቁጥሩን ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ ይጎትተዋል። ወደ ታች የሚጎትተው ያው የእህትዎ ልጅ ስህተት ነው። በአምስቱ ዓመት ውስጥ በአማካይ አካውንቱ ላይ ከኪስዎ የነበረው 28,000 አይደለም። 10,000ው ሙሉውን ጊዜ ሠርቷል። 18,000ው ግን ቀስ በቀስ ስለገባ፣ በአማካይ የግማሹን ጊዜ ነው የሠራው። ስለዚህ እንደ 9,000 ይቆጠራል። ሲደመር 19,000 ይሆናል። 8,577 ለ19,000 ሲካፈል 45 በመቶ ገደማ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ለ5 ማካፈሉ ነው። 45 በመቶን ለ5 ካካፈሉ 9 ይመጣል። ግን 9 በመቶ በየዓመቱ በላዩ ላይ እየወለደ ለአምስት ዓመት ቢሄድ 45 ሳይሆን 54 በመቶ ነው የሚደርሰው። የአምስት ዓመት ዕድገት ወደ አንድ ዓመት የሚመለሰው በማካፈል አይደለም፤ አምስተኛውን ሥር በማውጣት ነው። 1.45 አምስተኛው ሥሩ 1.077 ገደማ ነው። ማለትም 7.7 በመቶ። ይህ በወረቀትና በእርሳስ የሚሠራ ግምት ነው፤ ወደ እውነቱ ያስጠጋል። ቁርጡን ከፈለጉ ደግሞ ይህን ይጻፉ፦

```
=(1+RATE(60, -300, -10000, 36577))^12-1
```

8.0 በመቶ ይመጣል። ቀመሩ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እነዚህ ገንዘቦች በነዚህ ጊዜያት ገብተው ዛሬ 36,577 ለመድረስ በየወሩ ስንት በመቶ ማደግ ነበረባቸው? የወሩ መልስ 0.64 በመቶ ገደማ ነው። እሱን በ12 ማባዛት አይበቃም፤ 7.7 ብቻ ይሰጣል፣ በወለድ ላይ የሚወለደውን ይረሳል። ለዚህ ነው ቀመሩ ውስጥ በ12 ያባዛሁት ሳይሆን ወደ 12ኛ ኃይል ያነሳሁት።

እርስዎ በየወሩ እኩል ስላስገቡ በዚህ አጭር ቀመር ተገላገልን። አንድ ወር የዘለለ፣ የታክስ ተመላሽ ሲመጣ 2,000 የጨመረ፣ ወይም ለቤተሰብ ለመላክ 1,500 ያወጣ ሰው ግን ይህ አይሠራለትም። እሱ ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ በ A ዓምድ ቀኖቹን፣ በ B ዓምድ ገንዘቦቹን ወደ ታች ይዘርዝር። የገባውን በመቀነስ ምልክት፣ የወጣውን በመደመር ይጻፍ። በመጨረሻው ረድፍ የዛሬውን ቀንና የዛሬውን ዋጋ በመደመር ያስገባ። በእርስዎ ሁኔታ አንድ የመክፈቻ፣ 60 ወርሃዊና አንድ የመዝጊያ ረድፍ፣ በድምሩ 62 ረድፍ ይሆናል። ከዚያ፦

```
=XIRR(B2:B63, A2:A63)
```

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። በዝርዝሩ ውስጥ የሚገባው በአካውንቱ በር ያለፈ ገንዘብ ብቻ ነው። ከባንክዎ ወደ አካውንቱ የገባ፣ ከአካውንቱ ወደ ባንክዎ የወጣ። እዚያው ውስጥ የተከፈለና እዚያው አክሲዮን የተገዛበት የትርፍ ድርሻ በሩን አላለፈም፤ አይጻፍም። ከአካውንቱ ላይ የተቆረጠው የአማካሪ ክፍያም አይጻፍም፤ የመጨረሻውን ዋጋ አሳንሶት ስለሚገኝ ራሱ ይቆጠራል። ክፍያውን ከኪስዎ ለብቻው የሚከፍሉ ከሆነ ግን እንደገባ ገንዘብ ይጻፉት።

የትርፍ ድርሻው የት ገባ ላሉት፣ ገብቶ ያለው 36,577 ውስጥ ነው። በላዩ ላይ የሚደመር ሌላ 2,140 የለም። ይህንን ማረጋገጥ የሚቻለው ሪፖርቱን እንደ ቤት ወጪ ደብተር በማስታረቅ ነው። ያስገቡት 28,000 ነው። የትርፍ ድርሻ 2,140 ሲጨመር 30,140 ይሆናል። የአማካሪ ክፍያ 1,118 ሲቀነስ 29,022 ይቀራል። የዛሬው ዋጋ 36,577 ስለሆነ፣ የቀረው 7,555 ዶላር የአክሲዮኖቹ ዋጋ በመጨመሩ የመጣ መሆን አለበት። ሪፖርትዎ ላይ የገበያ ዋጋ ለውጥ የሚል መስመር ይፈልጉ። 7,555 ወይም ለእሱ በጣም የቀረበ ቁጥር ካለ ሂሳቡ ይገጥማል። ከሌለ፣ ወይም ቁጥሩ በመቶዎች የሚራራቅ ከሆነ፣ ያልተነገረዎት ክፍያ፣ ዝውውር ወይም ስህተት አለ ማለት ነው። ከሁሉም በፊት የምሠራው ይህንን ማስታረቅ ነው። ካልገጠመ ፐርሰንቱን አላየውም።

የትርፍ ድርሻ ነፃ ስጦታ እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። የብዙ ሰዎችን ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛ አንድ ፈንድ አለ፤ የአንድ ድርሻ ዋጋው 50 ዶላር ነው እንበል። እርስዎ 100 ድርሻ አለዎት፤ 5,000 ዶላር ማለት ነው። ፈንዱ በአንድ ድርሻ 40 ሳንቲም ያከፋፍላል። በዚያው ቀን፣ የገበያው መዋዠቅ እንዳለ ሆኖ፣ የድርሻው ዋጋ ወደ 49.60 ይወርዳል፤ ገንዘቡ ከፈንዱ ወጥቷልና። እርስዎ የደረሰዎት 40 ዶላር በ49.60 ሲገዛ 0.806 ድርሻ ይሆናል። አሁን 100.806 ድርሻ በ49.60፣ ያው 5,000 ዶላር ነው። የትርፍ ድርሻው ሀብትዎን በዚያች ቀን አልጨመረውም። ከዋጋ ወደ ድርሻ ብዛት ቀየረው። ፐርሰንት የሚያስተዋውቅ ሰው “9 በመቶ ዕድገት፣ በተጨማሪም 2 በመቶ የትርፍ ድርሻ” ካለዎት፣ 9ኙ የዋጋ ዕድገት ብቻ ነው ወይስ የትርፍ ድርሻን ያካተተ ጠቅላላ ትርፍ ብለው ይጠይቁ። ጠቅላላ ከሆነ 2ቱ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል።

2,140 ራሱ እውነት መሆኑን ለማጣራት ደግሞ ሌላ ምስክር አለዎት። አካውንትዎ የጡረታ ካልሆነና ታክስ የሚከፈልበት ከሆነ፣ በየዓመቱ 1099-DIV የሚባል ፎርም ይደርስዎታል። ያንኑ ወረቀት አይአርኤስም ያገኘዋል። የአምስቱን ዓመት ፎርሞች ያውጡ። ሣጥን 1a ተራ የትርፍ ድርሻዎችን ይይዛል። ሣጥን 2a ፈንዱ ውስጡ ሸጦ ካተረፈው ያከፋፈለውን ይይዛል። ሁለቱን ለአምስቱም ዓመት ደምረው ከ2,140 ጋር ያወዳድሩ። ትንሽ ልዩነት አያስደንግጥዎት። ፈንድ በዓመቱ መጨረሻ አውጆ በጃንዋሪ የሚከፍለው፣ ለታክስ ባለፈው ዓመት ላይ ሊቆጠር ይችላል።

ሣጥን 3 ላይ ግን ቁጥር ካዩ ቆም ይበሉ። እዚያ የሚጻፈው ከትርፍ ያልመጣ ክፍያ ነው። በቀላሉ፣ የራስዎ ዋና ገንዘብ ተመልሶልዎታል ማለት ነው። አንዳንድ “በየወሩ ከፍተኛ ገቢ” የሚሉ ፈንዶች የሚያከፋፍሉት በከፊል ይኸው ነው። ሪፖርት ላይ “የትርፍ ድርሻ” ተብሎ ሲደመር ያምራል፣ ትርፍ ግን አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ሪፖርቱ ላይ “ያስገቡት ገንዘብ” ከሚለው የተለየ፣ “የግዢ ዋጋ” የሚል ከፍ ያለ ቁጥር ካዩ አይደናገሩ። የትርፍ ድርሻው እንደገና አክሲዮን ሲገዛ ግዢ ነውና እዚያ ላይ ይደመራል። ያ ቁጥር ለታክስ ነው። አንዴ ታክስ የከፈሉበትን የትርፍ ድርሻ ሲሸጡ ደግመው እንዳይከፍሉበት ይጠብቅዎታል። የኢንቨስትመንቱን ውጤት ለመለካት ግን አይጠቀሙበት፤ ትርፍዎን እንደ መዋጮ ስለሚቆጥረው ውጤቱን ያሳንሰዋል።

አሁን ወደ 9.8። ከ8 በምን በለጠ? በሁለት ምክንያት ነው፤ የመጀመሪያውን ራሱ ሪፖርቱ በደቃቅ ፊደል ነግሮዎታል። ከክፍያ በፊት ነው። አካውንትዎ ላይ በአምስቱ ዓመት በአማካይ የነበረው ሀብት ወደ 22,400 ዶላር ይደርሳል። 1,118 ዶላር ለ5 ዓመት ሲካፈል በዓመት 224 ገደማ ነው። ይህ ከ22,400 አንድ በመቶ ነው። አማካሪው በዓመት አንድ በመቶ ይወስዳል፣ በአሜሪካ የተለመደ ዋጋ ነው። ክፍያው ካደገው ገንዘብ ላይ ስለሚቆረጥ፣ 1.098 በ0.99 ሲባዛ 1.087፣ ማለትም 8.7 በመቶ ገደማ ይቀራል። በ8.7 በመቶ ቢሆን ገንዘብዎ 37,433 ይደርስ ነበር። ስለዚህ ከ2,240ው ልዩነት ውስጥ ወደ 1,384 የሚሆነው የክፍያ ነው። ክፍያው 1,118 ሆኖ ጉዳቱ ለምን 1,384 ሆነ ካሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት የተቆረጠው ዶላር በቀሪዎቹ ዓመታት ይወልድ የነበረውንም ይዞ ስለሄደ ነው። ወለድ ወለድን የሚወልደው ለእርስዎ ብቻ አይደለም፤ በክፍያም ላይ ይሠራል። ፈንዶቹ ራሳቸው የሚወስዱት ዓመታዊ ወጪ ደግሞ ከዋጋቸው ውስጥ ስለሚቆረጥ በሪፖርቱ ላይ በዶላር አይታይም። 1,118 ሙሉው ወጪ ነው ብለው አይውሰዱት።

የቀረው 856 ዶላር የክፍያ አይደለም። የአቆጣጠር ልዩነት ነው። አማካሪዎችና ፈንዶች የሚጠቀሙበት መለኪያ ገንዘብ መቼ እንደገባና ስንት እንደነበረ ሆን ብሎ ይዘነጋል። ጊዜን ብቻ ነው የሚያየው። ያንን ምሳሌ ላሳይዎት፤ ካልታየ አያሳምንም።

አንድ ሰው በዓመቱ መጀመሪያ 10,000 አስገባ። በመጀመሪያው ዓመት 20 በመቶ አተረፈና 12,000 ሆነ። ደስ አለውና ሌላ 10,000 ጨመረ፤ 22,000 ሆነ። በሁለተኛው ዓመት 10 በመቶ ከሰረ። አሁን ያለው 19,800 ነው። 20,000 አስገብቶ 200 ዶላር ከስሯል። ሪፖርቱ ግን ምን ይላል? 1.20 በ0.90 ሲባዛ 1.08። በሁለት ዓመት 8 በመቶ፣ በዓመት 3.9 በመቶ ትርፍ። ማንም አልዋሸም። አማካሪው የሚለካው “መጀመሪያ የገባች አንዲት ዶላር ምን ሆነች” የሚለውን ነው። ሰውየው የሚለካው “የእኔ ገንዘብ ምን ሆነ” የሚለውን ነው። ጥሩው ዓመት ሲመጣ ገንዘቡ ትንሽ ነበር፤ መጥፎው ሲመጣ ብዙ ነበር።

እዚሁ ምሳሌ ላይ ሦስተኛ ቁጥርም ተደብቆ አለ። ከ20 ትርፍ ላይ የ10 ኪሳራው ሲቀነስና ለ2 ሲካፈል 5 በመቶ። ይህ ተራ አማካይ ነው። ማንም በዚህ ፍጥነት አላደገም። በቃል “በአማካይ በዓመት 5 በመቶ” ብሎ የሚነግርዎት ሰው ካለ፣ የየዓመቱን ቁጥሮች ይጠይቁና ራስዎ ያባዙ። ዓመቶቹ በተዋዠቁ ቁጥር ተራው አማካይ ከእውነቱ በላይ እየራቀ ይሄዳል። የሚውቹዋል ፈንዶች ፕሮስፔክተስ በሚባለው መግለጫ ሰነድ ላይ “አማካይ ዓመታዊ ጠቅላላ ትርፍ” የሚለው ግን፣ ስሙ አማካይ ይበል እንጂ፣ በትክክል የተባዛና ሥር የወጣለት ነው። የፈንዱ ወጪም ተቀንሶለታል።

የእርስዎም ነገር ይኸው ይመስላል። 8.7 ከ8 መብለጡ የሚነግረን፣ ጥሩዎቹ ወራት አካውንትዎ ገና ትንሽ በነበረበት ጊዜ እንደመጡ ነው። ይህ የአማካሪው ጥፋት አይደለም። መቼ እንደሚያስገቡ የወሰኑት እርስዎ ነዎት፤ በየወሩ ማስገባትዎም ትክክል ነበር። ተቃራኒውም ይሆናል። ገበያው መጀመሪያ ወርዶ በኋላ ቢነሳ ኖሮ የእርስዎ ቁጥር ከሪፖርቱ በልጦ ይገኝ ነበር። ስለዚህ አማካሪውን ከሌላ አማካሪ ወይም ከገበያው ጋር ለማወዳደር የእሱ መለኪያ ይበጃል፣ ግን ክፍያው የተቀነሰበት ሲሆን ብቻ ነው። የራስዎን ዕቅድ፣ የልጆች ትምህርትን ወይም የቤት ቅድሚያ ክፍያን ለማስላት ግን 8ን ይያዙ።

ከክፍያ በፊት ያለን ቁጥር በትልቁ ጽፎ የክፍያውን ነገር በደቃቅ ማስቀመጥ ደስ አይለኝም። የአሜሪካው የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ኤስኢሲ፣ ከኖቬምበር 2022 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ በዋለው ደንቡ፣ አማካሪዎች በማስታወቂያ ላይ ከክፍያ በፊት ያለ ውጤት ካሳዩ ከክፍያ በኋላ ያለውንም እኩል ጎላ አድርገው እንዲያሳዩ ያስገድዳል። ለነባር ደንበኛ የሚላክ የራሱ አካውንት ሪፖርት ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ማስታወቂያ አይቆጠርም። ስለዚህ ሕግ ተጥሷል ብለው አይሂዱ። ግን የመጠየቅ ሙሉ መብት አለዎት።

ሪፖርቱ ላይ የአንድ ሩብ ዓመት ውጤት “በዓመት ሲሰላ” ተብሎ ቢቀርብልዎት አይቀበሉት። በሦስት ወር 3 በመቶ ያገኘ አካውንት ወደ ዓመት ሲቀየር 12.6 በመቶ ይመስላል። ቀጣዮቹ ዘጠኝ ወራት ግን ገና አልመጡም። የዘርፉ የታወቀው የውጤት አቀራረብ መመዘኛም ከአንድ ዓመት ያነሰን ጊዜ ወደ ዓመት መለወጥን ይከለክላል።

መዋጮን ከትርፍ መለየት ቀላል የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ኢሊኖይ ውስጥ በቢርድስታውን ከተማ የነበሩ እናቶች የኢንቨስትመንት ማኅበር በ1990ዎቹ በመላ አሜሪካ ታዋቂ ሆኖ ነበር። ከ1984 እስከ 1993 በየዓመቱ በአማካይ 23.4 በመቶ አተረፍን ይሉ ነበር። በ1998 የአባላት ወርሃዊ መዋጮ ከትርፉ ጋር ተቆጥሯል የሚል ጥያቄ ተነሳ። የኦዲት ድርጅት ሲያጣራው ትክክለኛው ቁጥር 9.1 በመቶ ሆነ። በጋራ አክሲዮን ለመግዛት በየወሩ የሚያዋጡ የእኛ ማኅበራትም ለዚህ ስህተት ቅርብ ናቸው። የሣጥኑ ገንዘብ ካምናው በለጠ ማለት አተረፈ ማለት አይደለም፤ ሰው ስላዋጣም ይበልጣል።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው። 36,577ቱ እውነት መኖሩ ላይ። የትኛውም ቀመር ይህንን ሊያረጋግጥ አይችልም። በዲሴምበር 2008 በማጭበርበር የተያዘው የገንዘብ አስተዳዳሪ በርናርድ ማዶፍ ለደንበኞቹ ይልክ የነበረው ስቴትመንት ውስጡ ሲደመር በሚገባ ይገጥም ነበር። ወረቀቱ ላይ የነበረው ወደ 65 ቢሊዮን ዶላር ግን አልነበረም። የደንበኞቹን ገንዘብ የሚያስተዳድረውም፣ የሚያስቀምጠውም፣ ስቴትመንቱን የሚያትመውም የራሱ ድርጅት ነበር። ማመሳከሪያ ሌላ ምስክር አልነበረም።

ስለዚህ የእርስዎ ገንዘብ የት ነው የተቀመጠው? እርስዎ የነገሩኝ አማካሪው የላከው ሪፖርት ነው። ገንዘቡንና አክሲዮኑን የሚይዘው ካስቶዲያን ግን ሌላ ድርጅት መሆን አለበት። እሱም በቀጥታ ለእርስዎ ስቴትመንት መላክ አለበት። አማካሪው ሊንክ ሳይልክልዎት፣ እርስዎ ራስዎ የካስቶዲያኑን ድረ ገጽ ከፍተው ይግቡ። የድርሻዎቹ ብዛትና የፈንዶቹ ስም ከሪፖርቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ከዚያ ብዛቱን በዕለቱ ዋጋ ያባዙ፤ የፈንድ ዋጋ ለማንም የሚታይ ነው። የአማካሪውን ምዝገባና የዲሲፕሊን ታሪክ ደግሞ በ adviserinfo.sec.gov ላይ በስሙ ይፈልጉ። ነፃ ነው። የካስቶዲያን ስቴትመንት በቀጥታ ማግኘት ካልቻሉ፣ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ይተዉትና መጀመሪያ ይህንን ይጨርሱ።

ካስቶዲያኑ ጋር ያለው ቁጥር ከገጠመ፣ ምክሬ ይህ ነው። ለአማካሪው በጽሑፍ ሦስት ነገር ይጠይቁት። ከሁሉም ክፍያ በኋላ ያለው ውጤት ስንት ነው? እኔ ባስገባሁበት ጊዜና መጠን ሲሰላ ስንት ነው? በዚያው ቀን፣ ያንኑ ገንዘብ፣ ገበያውን ብቻ በሚከተል፣ ዝቅተኛ ወጪ ባለው የኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ፣ አክሲዮንና ቦንዱን በእኔ አካውንት መጠን አደባልቄ ባስገባ ኖሮ ዛሬ ስንት ይሆን ነበር? የመጀመሪያው መልስ ወደ 8.7፣ የሁለተኛው ወደ 8 መጠጋት አለበት። ከዚህ በጣም ከራቀ አሠራሩን ያስረዳ። የአንድ በመቶው ክፍያ ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለውን የሚፈርደው ሦስተኛው መልስ ነው። ታክስዎንና የቤተሰብ ዕቅድዎን እየሠራልዎት ከሆነ፣ ጥቂት ቢያንስም ክፍያው የሚያዋጣ ሊሆን ይችላል። ፈንድ መርጦ በዓመት አንድ ጊዜ ሪፖርት መላክ ብቻ ከሆነ አያዋጣም።

በጽሑፍ ለመመለስ ካንገራገረ አካውንቱን ያዛውሩ። ሲያዛውሩ ግን ተናደው አይሽጡ። ታክስ የሚከፈልበት አካውንት ላይ ከሸጡ ከ7,555ቱ ዕድገት ላይ በዚያው ዓመት ታክስ ይመጣብዎታል። የሚሄዱበትን አዲስ ድርጅት አክሲዮኖቹ ሳይሸጡ እንዳሉ እንዲረከብ ይጠይቁት፤ ማመልከቻውን የሚያስገባው እሱ ነው፣ ከአማካሪዎ ፈቃድ አያስፈልግም። አዲሱ ድርጅት ሊይዛቸው የማይችላቸው ፈንዶች ካሉ የትኞቹ እንደሆኑ አስቀድመው ይጠይቁ። ከመዛወርዎ በፊት የአምስቱን ዓመት ስቴትመንቶችና የግዢ ዋጋ መዝገቡን አውርደው ያስቀምጡ። የድሮው መግቢያ ከተዘጋ በኋላ ማግኘቱ ይከብዳል።